ከአይአርኤስ የኦዲት ደብዳቤ ሲመጣ የኡበር ሾፌር ምን ይዞ ይመልስ?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት እየነዳ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። በታክስ ሕግ ዓይን ይህ ሰው ተቀጣሪ ሳይሆን ባለ ንግድ ነው። ገቢውንና ወጪውን ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ላይ ራሱ ያስታውቃል፤ ታክሱንም ከወጪ ቀሪ በሆነው ትርፍ ላይ ይከፍላል። ስለዚህ የአገሪቱ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ጥርጣሬ ሲያድርበት ለሾፌሩ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ “አወጣሁ ያልከውን አሳየኝ።”

ብዙዎች ደብዳቤው ሲደርሳቸው በሁለት መንገድ ይጎዳሉ። አንዳንዱ ደንግጦ ፖስታውን ሳይከፍት ያስቀምጠዋል። ሌላው ያገኘውን ደረሰኝ ሁሉ በከረጢት አጭቆ ይልካል። ሁለቱም በትክክል ያወጡትን ገንዘብ ማሳየት ባለመቻላቸው ብቻ የማይገባቸውን ታክስ ይከፍላሉ። ይህ እንዳይሆን ደብዳቤው ምን እንደሚጠይቅ፣ የጠፋ ደረሰኝ በምን እንደሚተካና የትኛው ወረቀት እስከ መቼ እንደሚቀመጥ ማወቅ ይበቃል።

ደብዳቤው ምን ይላል?

አይአርኤስ ኦዲት የሚጀምረው በፖስታ በሚልከው ደብዳቤ ነው። በስልክ ደውሎ “አሁኑኑ ክፈል” የሚል፣ በቴክስት ማስፈንጠሪያ የሚልክ ወይም በጊፍት ካርድ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው። ለአነስተኛ ነጋዴ የሚመጣው ምርመራ በአብዛኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በደብዳቤ የሚካሄድ ነው። መርማሪው እርስዎን አያይዎትም፣ መኪናዎንም አያውቀውም። ፊቱ ያለው የላኩለት ወረቀት ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ሲከፍቱ ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው የሚመረመረው የታክስ ዓመት ነው። ሁለተኛው የተጠየቁት የወጪ መስመሮች ናቸው፤ አይአርኤስ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም አይጠይቅም፣ የተወሰኑትን መርጦ ይዘረዝራል። ሦስተኛው የመልስ ቀን ነው። ለመጀመሪያው ደብዳቤ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ 30 ቀን ነው። የሚቆጠረው ፖስታው እጅዎ ከገባበት ቀን እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ጊዜው ካልበቃዎት ቀኑ ከማለፉ በፊት በደብዳቤው ላይ ባለው ፋክስ ወይም ስልክ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቁ፤ በተለምዶ አንድ ጊዜ 30 ቀን ይጨመራል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የኡበር ሾፌር እናስብ። ጁን 2 ቀን 2025 የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰው፤ የሚመረመረው የ2023 ታክሱ ነው። ስኬጁል ሲ ላይ ያስታወቀው እንዲህ ነበር፦ ጠቅላላ ገቢ 62,000 ዶላር፤ ለኡበር የተከፈለ ኮሚሽንና ክፍያ 18,000፤ የመኪና ወጪ በማይል ተሰልቶ 24,890፤ ስልክ፣ ለተሳፋሪ የሚቀርብ ሶፍትና ሳኒታይዘር፣ ቶልና ፓርኪንግ ተደምሮ 3,100። ትርፉ 16,010 ዶላር ሆነ። አይአርኤስ ሦስቱንም የወጪ መስመሮች እንዲያስረዳ ጠየቀው።

የመጀመሪያው መስመር በጣም ቀላሉ ነው። ኡበር ለአይአርኤስ የሚያሳውቀው ተሳፋሪው የከፈለውን ሙሉ ሒሳብ እንጂ ሾፌሩ ባንክ የገባለትን አይደለም። በዚህ ሾፌር ባንክ የገባው 44,000 ሲሆን ልዩነቱን 18,000 ኡበር አስቀርቶታል። ማስረጃውም ኡበር በየዓመቱ በሾፌሩ አካውንት ላይ የሚያስቀምጠው የታክስ ማጠቃለያ ነው። ያንን አትሞ ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ካያያዘው ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርስ ይመሰካከራሉ፤ ይህ መስመር በዚሁ ይዘጋል።

ዋናው ፈተና ማይል ነው

ሾፌሩ የመኪና ወጪውን ያሰላው በስታንዳርድ ማይሌጅ ነው። ለ2023 የተፈቀደው ሒሳብ በአንድ ማይል 65.5 ሳንቲም ነበር። 38,000 ማይል ለሥራ ነዳሁ ስላለ 24,890 ዶላር መጣለት። ይህ ሒሳብ ቤንዚንን፣ ዘይትን፣ ጥገናን፣ ኢንሹራንስንና የመኪናውን እርጅና በአንድነት የያዘ ነው። ስለዚህ በማይል ያሠራ ሰው የቤንዚን ደረሰኝ ቢቆልል አይጠቅመውም። የሚጠየቀው ስንት ማይል፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ሥራ እንደነዳ ነው። በላዩ ላይ ሊጨምር የሚችለው የሥራ ፓርኪንግና ቶል ብቻ ነው።

የመኪና ወጪ በሕጉ ውስጥ ከሌላው ወጪ የከበደ ማስረጃ የሚጠየቅበት ነው። “በግምት ይህን ያህል ይሆናል” የሚባል መልስ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ መርማሪው ማስረጃ ካላገኘ የመኪናውን መስመር በሙሉ ዜሮ ማድረግ ይችላል። በእኛ ሾፌር ላይ ይህ ቢደርስ 24,890 ዶላሩ ወደ ትርፍ ይመለሳል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለው ብቻ ወደ 3,517 ዶላር ይመጣበታል። መደበኛው የገቢ ታክስ፣ ወለድና ቅጣት ገና አልተቆጠሩም።

የማይል ደብተር ሳይዝ የቀረ ሰው ግን መንገዱ አልተዘጋበትም። በጊዜው በሌሎች ሰዎች እጅ የተመዘገቡ ወረቀቶችን ሰብስቦ ማይሉን እንደገና መሥራት ይችላል። የእኛ ሾፌር ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው የኡበር የታክስ ማጠቃለያ ነው፤ አፑ ክፍት ሆኖ የነዳውን 31,400 ማይል ይላል። ሁለተኛው የጋራዥ ወረቀት ነው። ዘይት በተቀየረ ቁጥር መካኒኩ በኢንቮይሱ ላይ የመኪናውን ማይል ይጽፋል። በዓመቱ መጀመሪያ የተጻፈው 58,200፣ በመጨረሻው 99,200 ነው። መኪናው በዓመቱ በጠቅላላው 41,000 ማይል ሄዷል ማለት ነው።

እንግዲህ ሾፌሩ ያስታወቀው 38,000 እውነት ከሆነ ለግል ጉዳይ የተረፈው 3,000 ማይል ብቻ ነው። ሌላ መኪና የሌለው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው በሳምንት ከ60 ማይል በታች ለግሉ ነዳሁ ቢል መርማሪው አያምነውም። የ31,400 ማይል ቁጥር ግን በኡበር መዝገብ የተያዘ ነው፤ ከጋራዡ ወረቀት ጋርም ይስማማል። በ65.5 ሳንቲም ሲባዛ 20,567 ዶላር ይሆናል።

ሾፌሩ ማድረግ ያለበት ይህንኑ በግልጽ መጻፍ ነው፦ “38,000 ብዬ ያስታወቅሁት በግምት ነበር፤ በመዝገብ የማስረዳው 31,400 ነው።” በዚህም 4,323 ዶላር ተቀናሽ ያጣል፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ወደ 611 ዶላር፣ በላዩም የገቢ ታክስ ይጨመርበታል። ቢሆንም ሃያ ሺህ ከስድስት መቶ ገደማ የሚሆነውን ያድናል። የማይታመነውን ቁጥር ይዞ መሟገት የሚታመነውንም ያስጠረጥራል።

ሁለት አፕ ለሚነዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኡበርና ሊፍት በአንድ ጊዜ ክፍት ከነበሩ ያው ማይል በሁለቱም መዝገብ ላይ ይታያል። ሁለቱን ደምረው ከላኩ ድምሩ መኪናው ከሄደው በላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ የጋራዡ ወረቀት ወዲያው ያጋልጣል።

የጠፋውን ደረሰኝ በምን እንተካ?

ሦስተኛው መስመር 3,100 ዶላር ነው፦ ስልክ 1,440፣ ሶፍትና ሳኒታይዘር 960፣ ቶልና ፓርኪንግ 700። እዚህ ላይ ሕጉ ትንሽ ይለሰልሳል። በ1930 በኒውዮርክ የሚቀመጠው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የብሮድዌይ ተዋናይና ደራሲ በነበረው በጆርጅ ኮሃን ጉዳይ ላይ አንድ ውሳኔ ሰጠ። ሰውየው ለሥራው ማውጣቱ ከተረጋገጠና ለግምቱ መነሻ የሚሆን ነገር ካለ፣ ደረሰኝ ባይኖርም መጠነኛ ግምት ሊፈቀድለት ይገባል የሚል ነው። ይህ የኮሃን ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራል። ለመኪና፣ ለጉዞና ለመሳሰሉት ግን አይሠራም፤ ለዚህም ነው ማይሉን ለብቻው ያየነው።

የስልኩ ነገር ቀላል ነው። የስልክ ኩባንያው ያለፉትን ሒሳቦች ከአካውንቱ ላይ ያትምለታል፣ በወር 120 ዶላር። ነገር ግን በዚያው ስልክ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራል። ሙሉውን ከመጠየቅ ይልቅ በሳምንት ስንት ሰዓት አፑ ላይ እንደሚሆን ገልጾ ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 1,080 ዶላር ቢጠይቅ የሚያስኬድ ነው።

ቶሉን ከኢዚፓስ አካውንት ላይ ማውረድ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ተሳፋሪ ጭኖ ያለፈበትን ቶል ኡበር የመለሰለት ከሆነና ያ ተመላሽ ገቢው ውስጥ ካልተቆጠረ፣ ያንን ቶል ወጪ ብሎ መጠየቅ አይችልም።

ሶፍቱና ሳኒታይዘሩ ነው አስቸጋሪው። በሳምንት 20 ዶላር ለ48 ሳምንት ነው ብሏል። በባንክ ስቴትመንቱ ላይ ሃያ አራቱ ጊዜ በካርድ የከፈለው ይታያል፣ 480 ዶላር። የቀረውን በካሽ ከፍሎ ደረሰኙን ጥሏል። በዚህ ጊዜ የሚጻፈው ማብራሪያ አጭርና የተጨበጠ መሆን አለበት። ለምሳሌ እንዲህ፦

“በ2023 ለተሳፋሪዎቼ የማቀርበውን ሶፍትና ሳኒታይዘር በሳምንት አንድ ጊዜ እገዛ ነበር። በባንክ ስቴትመንቴ ላይ በቢጫ ያቀለምኳቸው 24 ክፍያዎች ለአንድ መደብር እያንዳንዳቸው 20 ዶላር የተከፈሉ ናቸው። በቀሩት 24 ሳምንታት በዚያው መደብር በካሽ ከፍያለሁ፤ ለእነዚህ ደረሰኝ የለኝም። በእነዚያ ሳምንታትም እሠራ እንደነበር የኡበር ሳምንታዊ መግለጫ ያሳያል።”

መርማሪው ሙሉውን ሊቀበል፣ ግማሹንም ሊቀንስ ይችላል። ማብራሪያው የሚሠራው ግን ምን እንዳለው፣ ምን እንደሌለውና የሌለውን ከምን ተነሥቶ እንደገመተ ስለሚለይ ነው። “ደረሰኙ ጠፍቶብኛል” ብሎ ማቆም ምንም አያስገኝም። የሻጩን መደብር ጠይቆ ኮፒ ማውጣት፣ ከባንክና ከክሬዲት ካርድ የድሮ ስቴትመንት ማስመጣት፣ በኢሜይል የመጣ የክፍያ ማረጋገጫ መፈለግ፣ ሁሉም ተቀባይነት ያላቸው መንገዶች ናቸው። ስቴትመንት ብቻውን ገንዘቡ መከፈሉን እንጂ ምን እንደተገዛ ስለማያሳይ፣ ጎኑ ላይ የወጪውን ምክንያት መጻፍ አይዘንጋ።

ፈጽሞ የማይደረግ

ትናንት ተጽፎ የዛሬ ሁለት ዓመት የተጻፈ የሚመስል የማይል ደብተር ማዘጋጀት፣ ደረሰኝ ማሠራት ወይም የሌላ ሰው ደረሰኝ መዋስ ከማንኛውም የጠፋ ወረቀት የከፋ ነው። መርማሪዎች ይህን ብዙ አይተዋል። በየቀኑ 120 ማይል የሚል ክብ ቁጥር፣ ከጋራዡ ወረቀት ጋር የማይገጥም የማይል ንባብ፣ ሾፌሩ አዲስ አበባ በነበረባቸው ሳምንታት የተመዘገበ ጉዞ ወዲያው ያስነቃሉ። በመደበኛ ቸልተኝነት የሚጣለው ቅጣት ሳይከፈል ከቀረው ታክስ 20 በመቶ ሲሆን ማጭበርበር ከሆነ 75 በመቶ ይደርሳል፤ በወንጀልም ያስጠይቃል። አሁን የተሠራ ሰንጠረዥ መላክ ግን ነውር የለውም፤ ራሱ ላይ “ከኡበር መዝገብና ከጋራዥ ወረቀት ተነሥቼ በ2025 ያዘጋጀሁት” ብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

አላላኩና መልሱ

ኦሪጅናል አይላክም፣ ኮፒ ነው የሚላከው። ከላይ የአይአርኤስ ደብዳቤ ኮፒ፣ ቀጥሎ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ ከዚያም በየመስመሩ ተለይቶ ማስረጃው ይቀመጣል። በየገጹ ስምና የታክስ ዓመት ይጻፋል። በፖስታ ከሆነ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ በፋክስ ወይም በኦንላይን ከሆነ ማረጋገጫውን ይዞ ማስቀረት ያስፈልጋል። ያልተጠየቀ መስመር ወረቀት አይጨመርም።

ከዚያ በኋላ አይአርኤስ ለውጥ የለም ይላል፣ ወይም ታክሱን እንዲህ እጨምራለሁ የሚል ሪፖርት ይልካል። ሪፖርቱ ላይ ካልተስማሙ አይፈርሙ፤ በተሰጠው ቀን ውስጥ ተጨማሪ ማስረጃ መላክ ወይም ይግባኝ ክፍሉ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። በመጨረሻ የሚመጣው የ90 ቀን ደብዳቤ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለታክስ ፍርድ ቤት ካመለከቱ ክርክሩ እስኪያልቅ ታክሱን ቀድመው እንዲከፍሉ አይገደዱም፤ ማመልከቻው 60 ዶላር ነው። ይህን የ90 ቀን ገደብ አይአርኤስ በስልክ ልመና አያራዝመውም፤ ደብዳቤው ከአሜሪካ ውጭ ባለ አድራሻ የተላከ ከሆነ ግን 150 ቀን ይሆናል።

ቤት ቀይረው ደብዳቤው በድሮ አድራሻ ሄዶ ኦዲቱ ያለ እርስዎ ከተዘጋም ማስረጃ ካለዎት እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ። ለወደፊቱ ግን አድራሻ ሲቀይሩ ለአይአርኤስ በፎርም 8822 ያሳውቁ።

ታክስ የሠራልዎት ሰው በእርስዎ ስም ሊከራከርልዎት የሚችለው ፈቃድ ካለው ነው። ጠበቃ፣ ሲፒኤ ወይም ኢንሮልድ ኤጀንት የሆነ ሰው ፎርም 2848 ላይ ውክልና ሲሰጡት በማንኛውም ደረጃ ይከራከራል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ክርክሩ ከ50,000 ዶላር በታች ለሆነ ሰዎች በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ የሚያገለግሉ የታክስ ክሊኒኮች አሉ፤ ዝርዝራቸው irs.gov ላይ ይገኛል። ለአይአርኤስ ሲደውሉም በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ወረቀቱ እስከ መቼ ይቀመጥ?

መሠረቱ ሦስት ዓመት ነው። የሚቆጠረው ታክሱ ፋይል ከተደረገበት ቀን ነው፤ ቀድመው ካስገቡ ደግሞ ከመጨረሻው ቀን። የ2023 ታክሱን በጊዜው ያስገባ ሰው ከኤፕሪል 15 ቀን 2024 ቆጥሮ እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2027 ያስቀምጣል።

ሆኖም ከተገለጸው ጠቅላላ ገቢ ከ25 በመቶ በላይ የሚሆን ገቢ ሳይገለጽ ከቀረ ጊዜው ወደ ስድስት ዓመት ይረዝማል። 40,000 ያስታወቀ ሰው ከ10,000 በላይ ካስቀረ ማለት ነው። ጭራሽ ፋይል ላልተደረገ ዓመትና ለማጭበርበር ደግሞ ገደብ የለም። የመኪናው ግዢ ወረቀት መኪናው ከተሸጠበት ዓመት ታክስ በኋላ ሦስት ዓመት እስኪሞላ መቀመጥ አለበት፣ የሽያጩ ትርፍና ኪሳራ የሚሰላው በእሱ ነውና። ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው ገደብ አላቸው። ይህን ሁሉ ከማስላት ይልቅ ሁሉንም ሰባት ዓመት ማስቀመጥ ይቀላል።

የቤንዚን ማደያና የመደብር ደረሰኝ የሚታተምበት ወረቀት በሙቀት ስለሚደበዝዝ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል፤ የሚነበብ የኤሌክትሮኒክ ኮፒ አይአርኤስ ይቀበላል። የኡበር ማጠቃለያንም በየዓመቱ ያውርዱ፣ አካውንትዎ ቢዘጋ ማግኘቱ አስቸጋሪ ይሆናል።

የማይል ደብተር ደግሞ ከዚህ ሳምንት ይጀምሩ። በየሳምንቱ መጨረሻ የመኪናውን ንባብና የሥራ ማይሉን መጻፍ በጊዜው እንደተያዘ መዝገብ ይቆጠራል። ዓመቱን ሙሉ መጻፍ ያቃተው ሰው በየወሩ የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ በትክክል ቢይዝና ሥራው በሌሎቹ ሳምንታትም ተመሳሳይ እንደነበር የኡበር መግለጫ ካሳየለት፣ ያንን አይአርኤስ ሊቀበለው ይችላል። በእኛ ሾፌር ላይ 4,323 ዶላር ተቀናሽ ያሳጣው የዚህ ደብተር አለመኖር ነው።